«አደረሰዎት» ወይስ «አደረሳችሁ»፦ በአነስተኛ ንግድ ድርጅት የበዓል መልካም ምኞት ደብዳቤ ውስጥ የአክብሮት ቅርጽ ምርጫ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚላክ አንድ የእንቁጣጣሽ ደብዳቤ እንውሰድ። ላኪው እህል የሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ ዱቄት ፋብሪካ። ደብዳቤው ለዚህ ትንታኔ የተሠራ ቢሆንም፣ የያዘው ችግር ከብዙ የድርጅት ደብዳቤዎች የሚታወቅ ነው፦

«ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፦ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በሰላም አደረሰዎት። ባለፈው ዓመት ላደረጋችሁልን ትብብር ድርጅታችን እያመሰገንን፣ ዘመኑ የብልጽግና እንዲሆንልዎት እንመኛለን።»

ደብዳቤው ትሑት ነው፤ የሚናገረው ለማን እንደሆነ ግን አልወሰነም። «አደረሰዎት» አንድን የተከበረ ሰው ይጠራል፣ «ላደረጋችሁልን» ብዙዎችን ይጠራል፣ «እንዲሆንልዎት» ደግሞ ወደ አንዱ ሰው ይመለሳል። ሥራ አስኪያጁ በዓመቱ መካከል ተቀይሮ ከሆነ ምስጋናው ለአዲሱ ነው ወይስ ለቀድሞው? ዱቤ በሚሰጥና በሚቀበል ግንኙነት ውስጥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ውለታውን የግለሰብ ወይም የድርጅት የሚያደርገው ቅጥያው ነውና።

የችግሩ ምንጭ በሰዋስው ውስጥ ነው። የአማርኛ የአክብሮት ልዩነት የሚታየው በነጠላ ቁጥር ብቻ ነው። «አንተ» እና «አንቺ» በአንድ ወገን፣ «እርስዎ» እና «አንቱ» በሌላው ወገን ይቆማሉ፤ «እናንተ» ግን ለልጆችም ለሽማግሌዎችም አንድ ነው። ስለዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» ከ«አደረሰዎት» ያነሰ አክብሮት የለውም፤ የአክብሮቱን ጥያቄ ጨርሶ አያነሣውም። በፈረንሳይኛ የብዙ ቁጥሩ ተውላጠ ስም ለአንድ ሰው አክብሮት ይውላል፤ በመደበኛ አማርኛ ግን «እናንተ» ለዚህ አያገለግልም። አንባቢው የሚረዳው ቤቱ በሙሉ እንደተጠራ ነው።

«እርስዎ» በበኩሉ ሌላ ጠባይ አለው። ሥሩ «ርእስ»፣ ማለትም ራስ፣ የሚለው ስም ነው፤ ግሱም የሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥርን መልክ ይይዛል። «ላደረጉልን ትብብር» ቢባል አድራጊው እርስዎ፣ እሳቸው ወይም እነርሱ ሊሆን ይችላል፤ መልኩ አይለየውም። የሚለየው በተሳቢው ላይ ሲደርስ ነው፤ «አደረሰዎት» ከ«አደረሳቸው» ጋር አይምታታም። ሌላው ጥቅሙ ጾታን አለመለየቱ ነው። አዲስ የተሾመው ሥራ አስኪያጅ ወንድ ይሁን ሴት ላልታወቀለት ጸሐፊ፣ «አቶ»፣ «ወይዘሮ»፣ «ክቡር» ወይም «ክብርት» የሚያስገቡትን ስሕተት «እርስዎ» ያስቀርለታል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለአረጋዊ ሰው በቃል የሚቀርበው «አንቱ» በደብዳቤ ላይ ሲገባ የቤተሰብ ቃና ያመጣል። የፋብሪካው ባለቤት ላኪውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁ ሽማግሌ ቢሆኑ፣ በስልክ «አንቱ» ብሎ በማኅተም ባለው ወረቀት «እርስዎ» ማለት መራቅ አይደለም፤ ወረቀቱን ጸሐፊዋም የሒሳብ ሠራተኛውም ያነቡታል።

በምሳሌው ያለው ሌላ ስብራት የላኪው ነው። «ድርጅታችን እያመሰገንን» ሲል ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ፣ ግሱ አንደኛ መደብ ሆኗል። «ድርጅታችን ያመሰግናል» ወይም «እናመሰግናለን» ማለት ይገባ ነበር። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አምስት ሠራተኛ ያለው ቤት ራሱን በሦስተኛ መደብ ሲጠራ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል።

የቃላት ምርጫውም ወገን አለው። «ብልጽግና» ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የገዢው ፓርቲ ስም በመሆኑ፣ ጸሐፊው ባያስበውም አንባቢው ሊያስበው ይችላል፤ «ስኬት» ያንን ሸክም አይሸከምም። በገና «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ» ሲባልም «ልደቱ» የማን እንደሆነ ሳይነገር የሚታወቅ ተደርጎ ተወስዷል፤ ተቀባዩ ሙስሊም ነጋዴ ከሆነ ያ የጋራ እውቀት የጋራ እምነት አይደለም። «ለገና በዓል» የሚለው ስያሜ በዓሉን ብቻ ይጠራል። እንቁጣጣሽ ለንግድ ደብዳቤ የሚመቸውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ «ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ አሸጋገራችሁ» ካልተጨመረበት በስተቀር።

እንግዲህ ደብዳቤው ለድርጅቱ ነው ብለን ብንወስን እንዲህ ይስተካከላል፦

«እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ባለፈው ዓመት ላደረጋችሁልን ትብብር እያመሰገንን፣ አዲሱ ዓመት ለእናንተና ለሠራተኞቻችሁ የሰላም፣ የጤናና የስኬት እንዲሆን እንመኛለን።»

ሥራ አስኪያጁን ለይቶ ማመስገን ካስፈለገ፣ ሽግግሩ በግልጽ መነገር አለበት፤ በአዲስ አንቀጽ «በተለይ እርስዎ በግል ላደረጉልን ድጋፍ» ብሎ መጀመር ይበቃል። ያኔ የመደብ ለውጡ ስሕተት ሳይሆን ሁለተኛ ጥሪ ይሆናል። ያልተከፈለ ዱቤን የሚያስታውስ ዐረፍተ ነገር ግን በየትኛውም ቅርጽ ቢጻፍ ከዚህ ወረቀት ጋር አይስማማም፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ወዲያው «እንድትከፍሉን» ማለት የቀደመውን ምኞት የጥያቄ መግቢያ ያደርገዋል። በሌላ ቀን፣ በሌላ ቁጥር መላክ አለበት።

ከቡሬ የሚመለሰው መልስ «እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚል ከሆነ፣ ላኪው ተቀባዩ ራሱን እንደ ግለሰብ ይሁን እንደ ድርጅት እንደቆጠረ ከእርሱ ሊያውቅ አይችልም። «አደረሰን» ሁለቱንም ወገኖች በአንድ ቅጥያ ይሰበስባል።