ከሪያድ የመጣው ፍሪጅ ለምን ይሞቃል?

ከሳዑዲ ዐረቢያ ጓዝ ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው ከሚጭናቸው ዕቃዎች አንዱ ፍሪጅ ነው። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሲደርስ የመሰኪያው ቅርጽ አይገጥምም። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርሱ መሰኪያ በአስማሚ ወይም በአዲስ መሰኪያ ይተካል፤ ፍሪጁም ይነሣል። ውስጡ መብራት አለ፣ ሞተሩ ድምፅ ያሰማል፣ ውኃውም ይቀዘቅዛል። ባለቤቱ እፎይ ይላል።

ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍሪጁ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ይሠራል። ከኋላው ያለው ጥቁር ኮምፕሬሰር እጅ የማያስነካ ይሆናል። ቆይቶ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማና ይጠፋል፤ ጥቂት ደቂቃ አርፎ እንደገና ይነሣል፤ አሁንም «ቀጭ» ብሎ ይቆማል። ብዙ ሰው ጋዙ አልቋል ብሎ ያስባል። መልሱ ግን ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ከጀርባው ወይም ከውስጥ ግድግዳው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ባለሙያዎች ኔምፕሌት ይሏታል።

የአንድ እንዲህ ዓይነት ፍሪጅ ሰሌዳ ብዙ ቁጥሮችን ይይዛል፤ ለቤት ሰው የሚያስፈልጉት ግን ሦስት ናቸው፦

```
230V~   60Hz   1.5A
```

የመጀመሪያው ቮልት ነው፤ ኮረንቲው የሚገፋበት ኃይል። ሁለተኛው ኸርዝ ነው፤ ኮረንቲው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንደሚመላለስ ይነግራል። ሦስተኛው አምፒር ነው፤ ዕቃው በሙሉ ሥራው ላይ ሳለ በሽቦው የሚያልፈው የኮረንቲ መጠን። ከቮልቱ ቀጥሎ ያለችው የማዕበል ምልክት ዕቃው የሚፈልገው እንደ ባትሪ ያለ ሳይሆን ከግድግዳው የሚገኘውን ተመላላሽ ኮረንቲ መሆኑን ታሳያለች።

ቮልትን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የኢትዮጵያ የቤት መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ። ከአሜሪካ የመጣ 1000 ዋት ካውያ ያለ ማውረጃ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ቮልቱ ወደ እጥፍ ቢጠጋም ጉዳቱ በእጥፍ አያቆምም። ሙቀት ሰጪ ሽቦ የሚፈጀው ኃይል ከቮልቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ካውያው 3360 ዋት ያህል ለመሳብ ይሞክራልና ወዲያው ይቃጠላል። እንዲህ ያለው ስሕተት ራሱን ወዲያው ይገልጣል፤ ስለዚህ ሰው ይጠነቀቀዋል።

ከሪያድ የመጣው ፍሪጅ አሳሳችነቱም እዚህ ላይ ነው። ቮልቱ ከእኛው ጋር ስለሚቀራረብ የሚያስደነግጥ ነገር አይታይም። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 የቤት ኮረንቲዋን ቀስ በቀስ ወደ 230 ቮልት ለማዛወር ወስናለች፤ ከዚያ በፊት 127 ቮልት የሚጠቀም ቤት ብዙ ነበር። ኸርዟ ግን ያኔም ዛሬም 60 ነው። ጎረቤቶቿ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ኩዌትና ኳታር፣ እንዲሁም እስራኤልና የአውሮፓ አገሮች 50 ኸርዝ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ከዱባይ የመጣና ከጅዳ የመጣ ፍሪጅ በመልክ አንድ ሆነው በሰሌዳቸው ሊለያዩ ይችላሉ።

ኸርዝ ሲቀንስ ሞተሩ ላይ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛው በቀላሉ የሚገባ ነው። ተራ የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኮረንቲው ምልልስ ነው። በ60 ኸርዝ በደቂቃ 3450 ጊዜ ያህል የሚዞረው ሞተር በ50 ኸርዝ ወደ 2850 ይወርዳል። ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ስለቀነሰ የሚገፋው ጋዝም በዚያው መጠን ያንሳል። ፍሪጁ ያንኑ ቅዝቃዜ ለማምጣት ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት፤ ሳያርፍ የሚውለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከባድ ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ኮረንቲ እንደ ልቡ እንዳያልፍ የሚከላከለው መግነጢሱ ቶሎ ቶሎ በመለዋወጡ ነው። ምልልሱ ሲዘገይ መከላከያው ይላላል፤ በብረቱ ውስጥ ያለው መግነጢስም ይበዛል። ምን ያህል እንደሚበዛ ለማወቅ ቮልቱን ለኸርዙ ማካፈል ይበቃል። ፋብሪካው ያሰበው 230 ÷ 60 = 3.83 ነው። እዚህ የሚያገኘው ደግሞ 220 ÷ 50 = 4.4 ነው። ሞተሩ ከተሠራበት 15 በመቶ ያህል በሚበልጥ መግነጢስ ይሞላል ማለት ነው።

15 በመቶ ትንሽ ይመስላል። የሞተር ብረት ግን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ውኃ እስኪጠግብ ድረስ ይመጥጣል፤ ከጠገበ በኋላ የሚፈስበት ሁሉ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። አምራቾች ብረቱን ወደ ጥጋቡ ጠርዝ አስጠግተው ስለሚሠሩት፣ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ጥቂት መግነጢስ እጅግ ብዙ ኮረንቲ ያስፈልጋል። ያ ትርፍ ኮረንቲ ሥራ አይሠራም፤ ሙቀት ብቻ ይሆናል። በሰሌዳው ላይ 1.5 የተባለው አምፒር 2 ቢደርስ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በ78 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ሙቀት ከአምፒሩ ስኩዌር ጋር ነውና የሚጨምረው።

ችግሩን የሚያባብስ ሌላም ነገር አለ። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ታሽጎ የተዘጋ ስለሆነ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ተመልሶ የሚመጣው ቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ የሚመለሰው ጋዝም ይቀንሳል። ሙቀቱ በጨመረበት ጊዜ ማቀዝቀዣው አነሰ። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የኦቨርሎዱ ነው፤ ይህች ከኮምፕሬሰሩ ጎን የተሰካች ትንሽ መከላከያ ሙቀቱ ሲያልፍ ኮረንቲውን ትቆርጣለች፣ ሲበርድ ትመልሳለች። እሷን በተደጋጋሚ መቀየር ወይም አልፎ በቀጥታ ማገናኘት የሽቦውን ሽፋን መቃጠል ማፋጠን ነው።

ምርመራው ረጅም አይደለም። ኤሌክትሪሺያኑ አንዱን የኮረንቲ ሽቦ ብቻ በክላምፕ ሜትር አቅፎ፣ ፍሪጁ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ አምፒሩን ያነባል። በመነሻው ቅጽበት ሞተር ከሙሉ ሥራው አምስት ስድስት እጥፍ ኮረንቲ ሊስብ ስለሚችል ያንን አይቆጥረውም። የተረጋጋው ንባብ ከሰሌዳው አምፒር በላይ ከሆነ፣ ሰሌዳውም 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኸርዙ ይሄዳል። በአንጻሩ አምፒሩ ከሰሌዳው በታች ሆኖ ፍሪጁ የማያቀዘቅዝ ከሆነ የጋዝ ማነስ ይበልጥ ያሳምናል።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ስሕተት አለ። «ስታቢላይዘር ግዛለት» የሚል ምክር ይሰጣል። ስታቢላይዘር ቮልት ይጠብቃል፤ ኸርዝ አይነካም። 220 ወደ 110 የሚያወርደው ትራንስፎርመርም እንዲሁ፤ በአንድ ወገኑ የገባው 50 ኸርዝ በሌላው ወገን 50 ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ 115 ቮልት 60 ኸርዝ የሚል የአሜሪካ ፍሪጅ በማውረጃ 110 ቮልት ቢያገኝም ስሌቱ ያው ነው፤ ፋብሪካው ያሰበው 1.92፣ የሚያገኘው 2.2፤ አሁንም 15 በመቶ ትርፍ።

ሁሉም የ60 ኸርዝ ዕቃ ግን እንዲህ አይጎዳም። ካውያ፣ ምድጃና የውኃ ማፍያ ሙቀት ብቻ ስለሚሰጡ ኸርዝ አያሳስባቸውም። ጁስ መፍጫና ድሪል በካርቦን ብሩሽ የሚሠራ ሞተር ስላላቸው ፍጥነታቸው በኸርዝ አይወሰንም፤ ቮልታቸው ከተስተካከለ ይሠራሉ። ኢንቨርተር የሆነ አዲስ ፍሪጅ ደግሞ የገባውን ኮረንቲ ለውጦ የራሱን ምልልስ ስለሚፈጥር፣ ሰሌዳው ላይ ብዙውን ጊዜ 50/60 ተብሎ ይጻፋል። አደጋው ያለው በቀጥታ ከግድግዳው በሚነዱ ሞተሮችና ከባድ ትራንስፎርመር በውስጣቸው ባላቸው እንደ ቀድሞው ማይክሮዌቭ ባሉ ዕቃዎች ላይ ነው።

በማውረጃ ለሚሠሩት ዕቃዎች አምፒር ዋና ቁጥር ይሆናል። የአሜሪካ ዕቃ ሰሌዳ 120 ቮልትና 12.5 አምፒር ቢል፣ ሁለቱ ሲባዙ 1500 ይሆናል። ለእሱ 500 የሚል ትራንስፎርመር መግዛት ትራንስፎርመሩን ማቃጠል ነው፤ 2000 የሚል ይሻላል፣ ለሚነሣ ሞተር ደግሞ ከዚያም ሰፋ ያለ። አንዳንድ ዕቃ በስሙ ላይ 1000 ዋት ተብሎ ይሸጣል፤ ማይክሮዌቭ ላይ ያ ቁጥር ምግቡ የሚያገኘው እንጂ ከሶኬት የሚሳበው አይደለም። የሚታመነው የሰሌዳው አምፒር ነው።

በሰሌዳው ላይ ያሉ ትንንሽ ምልክቶችም ትርጉም አላቸው። 100-240 ሲል በሁለቱ መካከል ያለ ማንኛውም ቮልት ይስማማዋል፤ የስልክ ቻርጀር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። 115/230 በአግድም ሰረዝ ሳይሆን በያዘነበለ መስመር ከተለየ ግን ከሁለቱ አንዱን ማለት ነው፤ ከኋላው መምረጫ ማብሪያ ሊኖረው ስለሚችል ከመሰካት በፊት መታየት አለበት።

ፍሪጁ አስቀድሞ ለገባበት ሰው ደህናው መፍትሔ ኮምፕሬሰሩን 220 ቮልት 50 ኸርዝ በሚል፣ በጋዝ ዓይነቱና በአቅሙ በሚስማማ ሌላ ማስቀየር ነው። አሮጌው ከመቃጠሉ በፊት ቢቀየር ይመረጣል፤ የተቃጠለ ሞተር ዘይቱን አበላሽቶ መስመሩን ያቆሽሻልና አዲሱንም ይጎዳል። ወጪው ከፍሪጁ ዋጋ ጋር ከተቀራረበ ግን ሌላ መግዛት ይሻላል።

ጅዳ ወይም ሪያድ ሆናችሁ ዕቃ ልትጭኑ ያሰባችሁ፣ ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሡና እዚህ ላለ ኤሌክትሪሺያን ላኩለት። 50 ወይም 50/60 የሚል ከሆነ ጫኑት። ሞተር ያለው ሆኖ 60 ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ሽጡትና ገንዘቡን ይዛችሁ ኑ።