አንድ የቀጠሮ መልእክት፣ ሦስት ተቀባይ

በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ለተርጓሚ ከሚቀርበው ሁሉ ቀላሉ የሚመስለው የቀጠሮ መልእክት ነው። አንዱን እንውሰድ። የማክሰኞ ቀጠሮ ወደ ሐሙስ ጠዋት መዛወሩን ይናገራል፣ መታወቂያ መያዝ እንደሚያስፈልግ ያስታውሳል፣ መምጣት የማይችል እንዲደውል ይጠይቃል። እንግሊዝኛው ለሰባ ዓመት እናትም ለሃያ ዓመት ተማሪም ያው ነው፤ «ዩ» የምትለው ቃል ዕድሜም ጾታም አትጠይቅም። አማርኛ ግን ገና የመጀመሪያውን ግስ ሳንጽፍ «ለማን ነው?» ብሎ ይይዘናል።

ለእናትየው እንጀምር። ብዙ ሰው «ጨዋ ይሁን» ሲባል የቢሮ ደብዳቤ ይጽፋል፦

«ማክሰኞ ዕለት ተይዞልዎት የነበረው ቀጠሮ ወደ ሐሙስ የተዛወረ መሆኑን እያሳወቅን፣ መታወቂያዎን ይዘው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲቀርቡ እናሳስባለን።»

ስሕተት የለበትም፤ ማኅተም ተመትቶበት በፖስታ ቢሄድ ያምርበታል። በስልክ ለሚደርሳቸው እናት ግን «እንዲቀርቡ» እና «እናሳስባለን» የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላሉ። አክብሮትና የቢሮ ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አክብሮቱ ያለው «እርስዎ» ላይ ነው እንጂ ከባድ ቃል ላይ አይደለም፦

«ጤና ይስጥልን። የማክሰኞ ቀጠሮዎ ወደ ሐሙስ ተዛውሯል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይምጡልን። መታወቂያዎን ይያዙ። ካልተመቸዎት በዚህ ቁጥር ይደውሉልን።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልብ ይሏል። እንግሊዝኛው በአጭር ጥያቄ ነው የሚያስቀምጣት፤ በቁሙ ስትተረጎም «መምጣት አልቻሉም?» ትሆናለች። ይህ በአማርኛ ወቀሳ ነው፤ ቀርተው የተጠየቁ ይመስላቸዋል። «ካልተመቸዎት» ግን በሩን ክፍት ይተዋል።

አሁን ያው መልእክት የክሊኒኩ በር ላይ ይለጠፍ። አንባቢው ማንም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ወገን የማይለይ «አንተ» የለውም፤ ስለዚህ ገለልተኛ መሆን የሚቻለው ተጠሪውን ከዐረፍተ ነገሩ በማውጣት ነው፦

«የማክሰኞ ቀጠሮዎች ወደ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተዛውረዋል። መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ለመምጣት የማይመቸው ሰው ሊደውል ይችላል።»

ማንንም ስለማይጠራ ማንንም አያስቀይምም። ግን ለአንድ ሰው በስልኩ ቢላክ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ «ያስፈልጋል» ሲባል ማን እንደሚፈልግ አይታወቅምና። የለጣፊ ወረቀት ቋንቋ ለለጣፊ ወረቀት ይቅር እላለሁ።

ሦስተኛዋ ተቀባይ ዘወትር የምትመላለስ፣ ሠራተኞቹም በስም የሚያውቋት ወጣት ናት፦

«ሰላም ነሽ? የማክሰኞው ቀጠሮሽ ወደ ሐሙስ ዞሯል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ነይ። መታወቂያሽን እንዳትረሺ። ካልተመቸሽ ደውዪልን።»

እዚህ የተለወጠው ተውላጠ ስሙ ብቻ አይደለም። «ተዛውሯል» «ዞሯል» ሆኗል፣ «ይያዙ» «እንዳትረሺ» ሆኗል። ሆኖም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መታወቂያውና ስልኩ አንድም አልተነኩም። ለወዳጅ ሲጻፍ ከተለመዱት ጥፋቶች አንዱ በጨዋታው መሐል አንዱ መረጃ መውደቁ ነው። በተለይ ሰዓቱ አደገኛ ነው፤ በእንግሊዝኛው 9 ሰዓት የተባለው በእኛ አቆጣጠር 3 ነው። አሜሪካ የቆየ አንባቢ በሁለቱም ስለሚቆጥር «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በስልክሽ 9:00» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

የመዘበራረቅ ስሕተት ደግሞ አለ። በእናትየው መልእክት ውስጥ አክብሮቱ ስድስት ቦታ ተሰክቷል፦ ቀጠሮዎ፣ ይምጡልን፣ መታወቂያዎን፣ ይያዙ፣ ካልተመቸዎት፣ ይደውሉልን። ዐረፍተ ነገሮቹ በተለያየ ጊዜ ወይም በተለያየ ሰው ሲተረጎሙ «ቀጠሮዎ» ተብሎ ተጀምሮ «ደውል» ተብሎ ያልቃል። ይህን ለመያዝ ትርጉሙን እንደገና ማንበብ አይበቃም፤ ዓይን ያልፈዋል። የግሶቹንና የስሞቹን መጨረሻ ብቻ በእርሳስ እያሰመሩ መውረድ ነው። ሁሉም ለአንድ ሰው የተነገሩ መሆን አለባቸው።

የተቀባዩ ዕድሜና ጾታ ካልታወቀስ? «እርስዎ» ይጻፍ። ወንድና ሴት አይለይም፤ ወጣቱ ቢበዛ ትንሽ ይርቀዋል። እናትየው ግን «መታወቂያህን ያዝ» የሚል መልእክት ቢደርሳቸው የሌላ ሰው ነው ብለው ይተዉታል፤ ሐሙስም ሳይመጡ ይቀራሉ።