ደላላው የማያሳየው ሰዓት

አዲስ አበባን የማያውቅ ቤተሰብ የኪራይ ቤት ሲፈልግ ሰፈሩን ብዙ ጊዜ የሚያየው አንዴ ብቻ ነው፤ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ደላላ ከፊት ከፊት እየመራው። በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ያለ ነው፣ ታክሲ አይቸግርም፣ ቧንቧም የውሃ ቀኑ ከሆነ ይፈሳል። ኑሮው ግን የሚኖረው ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ውሃ በጠፋበት ሐሙስና ነሐሴ ላይ ዶፍ በሚወርድበት ማታ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሰፈሩን በሚገባ የሚመዝነው በእነዚህ ሰዓቶች ሲያየው ነው።

ምዘናው ከፊርማ በፊት ማለቅ አለበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከ2 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲደረግ ይደነግጋል። ይህ ጥበቃ ለተከራይ የሚበጅ ነው፤ በየስድስት ወሩ ውጣ መባልን ያስቀራል። ቤተሰቡም በበኩሉ የልጁን ትምህርት ቤትና የሥራ መንገዱን ከዚያ ሰፈር ጋር ያስራል። ከዚያ በፊት ለመልቀቅ ቢቻል እንኳ ለደላላ የተከፈለው፣ ለዕቃ ማጓጓዣ የወጣውና ለትምህርት ቤት ምዝገባ የሄደው ገንዘብ አይመለስም።

የመጀመሪያው ጉብኝት በሥራ ቀን ጠዋት ከ12:30 እስከ 1:30 ቢሆን ይመረጣል። ቦታውም ከቤቱ በፊት የታክሲው ማቆሚያ ነው። እዚያ ሩብ ሰዓት ቆሞ ስንት ታክሲ እንዳለፈና ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ባዶ ቦታ እንደነበረው መቁጠር በቂ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታክሲ የሚያልፍበትን መንገድ ታክሲ ከሚገኝበት ጋር በማምታታቱ ነው። በመስመሩ መሐል ያለ ማቆሚያ ላይ ሚኒባሶቹ ከመነሻቸው ሞልተው ስለሚመጡ ሳይቆሙ ያልፋሉ። በዚህ የተነሳ አንዳንዱ ነዋሪ ወደ ኋላ ተመልሶ መነሻው ላይ ሄዶ ይሰለፋል። ለመነሻ ቅርብ የሆነ ቤት ከመሥሪያ ቤቱ ትንሽ ራቅ ቢልም ጉዞው ሊያጥር ይችላል። ምሽት ላይ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ አካባቢ ወደ ሰፈሩ መመለሻውን መሞከር ያስፈልጋል፤ የ11:30ው ሰልፍ ከጠዋቱ ሊብስ ይችላልና።

ከመንገድ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች አሉ፣ የአንዱ ሰፈር ፈረቃም ከሌላው ይለያል። ጨቅላ ሕፃን ያለበት ቤት የልብስና የገላ ውሃ ዕለት በዕለት ስለሚፈልግ፣ ጥያቄው ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና እስከ ስንተኛ ፎቅ እንደሚወጣ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ግፊቱ ደካማ ሲሆን ምድር ቤቱ ሲያገኝ አራተኛ ፎቅ ባዶውን ያድራል። ባለ አራት ፎቆቹ ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ያንን ሕፃን ከታቀፈች እናት ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ማሰብ ፎቁን ለመምረጥ ይረዳል።

መልሱን ከአከራዩ መጠበቅ አያሻም። በረንዳ ላይ የተደረደሩ ጀሪካኖችና ጣሪያ ላይ የተቀመጡ ሮቶዎች ብዛት ብዙ ይናገራሉ። ከሁሉ የሚሻለው የሱቅ ባለቤቱን፣ የግቢውን ጥበቃ ወይም ልብስ የምታሰጣ ጎረቤትን መጠየቅ ነው። አጠያየቁ ግን ለውጥ ያመጣል። «ሰፈሩ እንዴት ነው?» ለሚል እንግዳ መልሱ «ጥሩ ነው፣ ሰላም ነው» ነው። «ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው? እስከ ስንት ሰዓት ቆየ?» ብሎ ለጠየቀ ግን የሚሰጠው መልስ ቀንና ሰዓት ያለው ነው። ለመብራትም እንዲሁ፤ ባለፈው ሳምንት ስንቴ ጠፋ፣ ስንት ሰዓትስ ቆየ ማለት ይበቃል።

በግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ወይም ክፍል የሚከራይ ቤተሰብ ስለ ቆጣሪው ለይቶ መጠየቅ አለበት። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እያደገ የሚሄድ ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል፤ በመብራት ጥቂት የሚጠቀመውም ክፍያውን በውዱ ዋጋ ይካፈላል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት በኪራይ ትንሽ ቢበልጥ እንኳ ልዩነቱን ከዚህ ጋር አስልቶ ማየት ተገቢ ነው።

ለልጆች የሚያስፈልጉት ሁለቱ ዋና ተቋማት ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ናቸው። ጤና ጣቢያው መኖሩን በካርታ ማየት አይበቃም፤ ሄዶ የክትባት ቀኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባቶች በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚሆኑ ናቸው፣ ከተበጠበጡ በኋላም ከ6 ሰዓት በላይ አይቆዩም። ስለዚህ አንዳንድ ጤና ጣቢያ እንዳይባክኑ ልጆችን በተወሰኑ ቀናት ይሰበስባል። ቀኑ ከወላጆቹ የሥራ ፈቃድ ጋር ካልገጠመ፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ መሆኑ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሌሊት ልጅ ቢታመም የትኛው ጤና ተቋም 24 ሰዓት እንደሚሠራ፣ በዚያ ሰዓትም በምን እንደሚደረስ አብሮ ይጠየቃል።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ የመጀመሪያው ጥያቄ ጥራቱ ሳይሆን ቦታ መኖሩ ነው። መስከረም ሲቃረብ አፀደ ሕፃናቱ ሞልቶ ሊጠብቅ ይችላል። ቦታ ካለ መንገዱን በልጅ እርምጃ መሄድ ይገባል። አዋቂ በ8 ደቂቃ የሚጨርሰው መንገድ ለአራት ዓመት ልጅ 15 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። መንገድ ላይ የሚታየው የእግረኛ መተላለፊያ አለመኖሩ፣ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ማስወገጃ ጉድጓድ፣ ወይም ሰፊ አስፋልት መሻገር ግድ መሆኑ ነው። አንድ ያልተከደነ ጉድጓድ ልጅን በየቀኑ እጅ ይዞ የሚያደርስ ሰው መቅጠር ማለት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ መሬቱ ይታያል። በጋ ላይ ደርቆ የሚታይ ሰፈር ክረምት ላይ ሌላ ነው። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ስለምታዘቀዝቅ፣ ዝናቡ የሚወርደው እንደ ቀበናና ግንፍሌ ባሉ ወንዞች ነው፤ ለዳርቻቸው የቀረበ ቤት ለጎርፍ የተጋለጠ ነው። ግድግዳ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚታይ አግድም የጭቃ መስመር ውሃው የደረሰበት ከፍታ ነው። ከታች የተላጠ ቀለም፣ አዲስ የተቀባ አንድ ግድግዳ ወይም የሻጋታ ሽታም ያንኑ ይጠቁማል። እርጥበት ያለበት ክፍል ለሕፃን ደረት አይስማማም፤ ስለዚህ አልጋው የሚቀመጥበትን ጥግ በእጅ መዳሰስ ከዕቃ አቀማመጥ በፊት ይቀድማል።

ሁለተኛው ጉብኝት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። የመንገድ መብራት መኖሩ፣ ሱቆች ክፍት መሆናቸው፣ ሴቶች ብቻቸውን ሲያልፉ መታየታቸው የሰፈሩን ደኅንነት ከሚወራው በላይ ያሳያል። ድምፅም የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ጎን ያለው መጠጥ ቤት ቀን ላይ ዝግ ነው። ብረታ ብረት ቤት ወይም ወፍጮ ደግሞ በተቃራኒው እሑድ ዝም ይላል፣ ሕፃኑ ቀን በሚተኛበት ማክሰኞ ግን ይጮኻል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ቤቱ ለሁለት ዓመት የሚቆም መሆኑ መጣራት አለበት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ብዙ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ተከራይ ቤቱ ሲፈርስ ልጁን ይዞ ትምህርት መሐል ላይ እንደገና ቤት ይፈልጋል። ቤቱ በዕቅድ ውስጥ መግባቱን ወረዳው ላይ መጠየቅ፣ ከጎረቤቶችም በቅርቡ የተለካ ወይም ምልክት የተደረገበት ግቢ እንዳለ መስማት ይቻላል።

የተሰበሰበው መረጃ ወደ ብር ሲለወጥ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ዋጋዎቹ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው። ከደሴ የመጡ ባልና ሚስት ሁለቱም ሜክሲኮ አካባቢ ሥራ አግኝተዋል እንበል፤ የአራት ዓመት ሴት ልጅና የሰባት ወር ወንድ ልጅ አላቸው። አንዱ ቤት ከመገናኛ ወዲያ በከተማዋ ዳር ሲሆን ኪራዩ 12,000 ብር ነው። ሌላው ጎፋ ሲሆን 17,000 ብር ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ 5,000 ብር ነው።

ከሩቁ ቤት እያንዳንዳቸው በአንድ ጉዞ ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። በቀን ስምንት ሒሳብ በ25 ብር 200 ብር፣ በ24 የሥራ ቀን 4,800 ብር ይሆናል። ከጎፋ አንድ ታክሲ በ15 ብር ስለሚበቃ በቀን 60፣ በወር 1,440 ብር ነው። ልዩነቱ 3,360 ብር። ጎረቤት እንደነገራቸው ሩቁ ቤት ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ በቀሩት አራት ቀናት በቀን ሦስት ጀሪካን በ20 ብር ቢገዛ በአራት ሳምንት 960 ብር ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 4,320 ብር ስለሆነ ከ5,000ው ቁጠባ የሚተርፈው 680 ብር ነው።

ጊዜው ሲታይ ደግሞ ሩቁ ጉዞ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ቅርቡ 35 ደቂቃ ይወስዳል። ሥራ በ2:30 የሚጀምር ከሆነ ወላጆቹ ከሩቁ ቤት 12:45 ላይ ይወጣሉ፣ በ11:30 ተነሥተው ምሽት 1:15 ይገባሉ። ከጎፋ 1:55 ወጥተው 12:05 ይገባሉ። ሕፃኑ 2 ሰዓት ላይ የሚተኛ ከሆነ በአንደኛው ቤት ወላጆቹን ለ45 ደቂቃ፣ በሁለተኛው ለሁለት ሰዓት ያህል ያገኛቸዋል። ሞግዚቷም በሩቁ ቤት በየቀኑ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ትርፍ ትሠራለች፤ ያም የራሱ ክፍያ አለው። ከወላጆቹ አንዱ ከቤት የሚሠራ ቢሆን ስሌቱ ተገልብጦ ሩቁ ቤት ሊመረጥ ይችል ነበር።

ሰፈሩ ከተመረጠ በኋላ የቀረው ውሉ ነው። በአዋጁ መሠረት አከራይ ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ አይችልም፣ ውሉም በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። በጉብኝቱ የተነገረው ነገር፣ ለምሳሌ ቆጣሪው የራስ መሆኑ ወይም ሮቶው ለተከራዩ መፈቀዱ፣ በውሉ ላይ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሰፍራል። አከራዩ ለመጻፍ ካመነታ ነገሩ እንደሌለ ቆጥሮ ቤቱን ያለዚያ ማስላት ነው።