42 ዶላር ቀድቶ 175 ዶላር የታገደበት

በአሜሪካ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው ይህ አይጠፋውም። ዓርብ ማታ ሂሳቡ ላይ 200 ዶላር አለ። ማደያ ገብቶ ዴቢት ካርዱን ፓምፑ ላይ አስገባና የ42 ዶላር ነዳጅ ቀዳ። የባንኩን አፕ ሲከፍት ግን «Available balance» 25 ዶላር ብቻ ይላል። ከማደያው ስም አጠገብ ደግሞ «Pending» ተጽፏል።

ቀሪው 133 ዶላር የት ገባ?

የትም አልሄደም፣ ሂሳቡ ውስጥ ነው። ካርዱ ሲገባ ማደያው ደንበኛው የስንት እንደሚቀዳ አያውቅም። ስለዚህ አስቀድሞ ባንኩን «ይህን ያህል ቢቀዳ ይከፍላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው እስከ 175 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ባንኩ ከፈቀደ ያንን ገንዘብ ያግደዋል። ባለቤቱም ሊያዝበት ስለማይችል፣ ቅዳሜ የ60 ዶላር አስቤዛ ልግዛ ቢል ካርዱ እምቢ ይለዋል።

ታዲያ የተቀዳው 42 መሆኑ ከታወቀ በኋላ ለምን ቀናት ይፈጃል?

ፈቃዱ በሰከንዶች ይሰጣል፤ ሂሳቡ የሚወራረደው ግን በሌላ መንገድ ነው። ነጋዴው የቀኑን ሽያጭ ሰብስቦ በአንድ ላይ ለራሱ ባንክ ይልካል። ከዚያ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ በኩል ወደ ደንበኛው ባንክ ይደርሳል። ባንኩ የመጣውን ሂሳብ ከእገዳው ጋር ካስተያየ በኋላ 42ቱን ይቀንሳል፣ የተረፈውን ይለቃል። አንዳንዱ ማደያ ትክክለኛውን መጠን ወዲያው ያሳውቃል፣ እገዳውም በሰዓታት ውስጥ ይስተካከላል። ሁሉም ግን እንዲህ አያደርግም፤ ብዙ ባንኮችም ቅዳሜና እሑድ ሂሳብ አይመዘግቡም። ሰኞ የፌዴራል በዓል ከሆነ ነገሩ ወደ ማክሰኞ ይገፋል።

ምግብ ቤት 40 ዶላር ከፍዬ 48 የተመዘገበውስ?

ቲፑ ነው። ፈቃዱ የተጠየቀው እርስዎ ቲፑን ደረሰኙ ላይ ከመጻፍዎ በፊት ነው።

ባንኩ ጋ ደውዬ ላስሰርዘው?

አብዛኛውን ጊዜ «እስኪመዘገብ ይጠብቁ» ይሉዎታል። ክርክር የሚነሳው በተመዘገበ ክፍያ ላይ ስለሆነ ነው። የተሰረዘ ትእዛዝ ከሆነ ሻጩን «ፈቃዱን ልቀቁልኝ» ማለት ይሻላል፤ መልእክቱን መላክ የሚችለው እሱ ነው። ካርድዎ ተሰርቆ ከሆነ ግን አንድ ደቂቃም አይጠብቁ፣ ደውለው ያዘጉት።

ሻጩ ምንም ባይልክስ?

እገዳው በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት፣ ለሆቴልና ለኪራይ መኪና ግን ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ተመልሶ ስለታየ ክፍያው ቀርቷል ማለት አይደለም። ሻጩ ሂሳቡን ዘግይቶ ቢልከው ይቆረጣል፣ ገንዘቡን አውጥተውት ከቆዩም ሂሳብዎ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

ፓምፑ ላይ 175 እንዳይታገድብኝስ?

ገብተው ለካሸሪው «የ40 ቅዳልኝ» ይበሉ፤ የሚጠየቀው ያው 40 ዶላር ይሆናል። ክሬዲት ካርድ ካለዎት ደግሞ እገዳው የሚያርፈው በብድር ጣሪያዎ ላይ እንጂ ለቤት ኪራይ ባስቀመጡት ገንዘብ ላይ አይደለም።