ባዶ ሳጥን ቀሪ አይደለም

ከስም መጥሪያ መተግበሪያ የተነሳ ስክሪንሾት ለርዕሰ መምህር ወደሚቀርብ አጭር ሪፖርት ሲለወጥ፣ ከቀሪዎቹ በፊት መታየት ያለባቸው ባዶዎቹ ሳጥኖች ናቸው። P ያለበት ተማሪ ተገኝቷል፤ A ያለበት ቀርቷል። ምንም ያልተጻፈበት ሳጥን ግን ስለ ተማሪው የሚናገረው የለም፤ ምልክት አልተመዘገበም ማለት ብቻ ነው።

ለምሳሌ 40 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ይወሰድ። ምስሉ ከየካቲት 23 እስከ መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ያሳያል፤ ቅዳሜና እሑድ ሲቀነሱ 10 ቀናት ናቸው። ሁለቱ ዓምዶች ከላይ እስከ ታች ባዶ ናቸው። አንደኛው Mar 2 ይላል። መተግበሪያው የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ቀኑ የዓድዋ ድል በዓል ስለሆነ ትምህርት አልነበረም፣ ከሂሳቡም ይወጣል። ሌላው Mar 13፣ ዓርብ መጋቢት 4፣ የትምህርት ቀን ነበር። መምህሩ ሳይገባ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ስም ጠርቶ ኔትወርክ በመጥፋቱ መዝገቡ ከስልኩ አልተላከ ይሆናል። ይህን ምስሉ አይለይም። የክፍል ኃላፊውን ስልክና የወረቀት መዝገቡን ማየት፣ የክፍል አለቃውንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

በተሞሉት 8 ቀናት 320 ሳጥኖች አሉ። A ያለባቸው 24 ናቸው፤ ስለዚህ የተገኙት 296 ወይም 92.5 በመቶ ይሆናሉ። መተግበሪያው ባዶዎቹን ሁሉ እንደ ቀሪ ከቆጠረ ግን 296 ለ400 ይካፈልና ውጤቱ 74 በመቶ ይወርዳል። እንደተገኙ ከቆጠራቸው ደግሞ 94 በመቶ ይደርሳል። በመቶኛው ብቻውን ርዕሰ መምህሩን ሊያሳስት ስለሚችል፣ በስንት ቀን እንደተሰላ አብሮ መጻፍ አለበት።

ከ24ቱ A 14ቱ የወደቁት በሁለቱ ሐሙሶች ላይ ነው። ሐሙስ የአካባቢው የገበያ ቀን ከሆነ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ለማገዝ ቀርተው ሊሆን ይችላል። ሁለት ሐሙስ ግን ለማስረጃ ያንሳል፤ ያለፉት ወራት ሐሙሶችም መታየት አለባቸው። ከሁሉ የሚያስቸኩለው በመዝገቡ 17ኛ የሆነው ተማሪ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቀርቷል፤ ዓርብ ባዶ በመሆኑ መመለሱ አይታወቅም። ወላጆቹን ለመጠየቅ መዝገቡ እስኪጣራ መጠበቅ አይገባም።

ሪፖርቱ በዚህ መልክ ሊጻፍ ይችላል፦

«ከየካቲት 23 እስከ መጋቢት 4 ከነበሩት 9 የትምህርት ቀናት የ8ቱ መዝገብ አለ፤ በእነዚህ 92.5 በመቶ ተገኝተዋል። የመጋቢት 4 መዝገብ የለም፤ ምክንያቱ እየተጣራ ነው። ከ24 ቀሪዎች 14ቱ የሐሙስ ናቸው። ተራ ቁጥር 17 ለ4 ተከታታይ ቀናት ስለቀረ ወላጆቹ ዛሬ እንዲጠየቁ ይሁን። ዓርብ ሲታወቅ ቁጥሩ ይስተካከላል።»