ቢጫው ለምን ፈዘዘ?

የላቦራቶሪ ሪፖርት «ውይይት» ክፍል የሚከብደው ውጤቱ ከተጠበቀው ሲያንስ ነው። ብዙ ተማሪ «የአሠራር ስህተት ሊሆን ይችላል» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ግን ለአንባቢ ምንም አይነግረውም።

አልካላይን ፎስፋታዝ የተባለውን ኢንዛይም እንውሰድ። ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት የተባለውን ቀለም አልባ ውህድ ሲሰነጥቅ ቢጫ ውህድ ይወጣል። መሣሪያው የቢጫውን ድምቀት በ405 ናኖሜትር ብርሃን ይለካል። ንባቡ በደቂቃ 0.30 እንዲጨምር ተጠብቆ 0.18 ብቻ ጨመረ እንበል፤ ከሚጠበቀው 60 በመቶው ነው።

መጀመሪያ የግራፉን ቅርጽ እንይ። መስመሩ ሽቅብ ጀምሮ ቶሎ ከጎበጠ፣ የሚሰነጠቀው ውህድ እያለቀ ሊሆን ስለሚችል ስሌቱ ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች መወሰድ አለበት። ከመነሻው ቀጥ ያለ ግን ዘገምተኛ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው። ቢጫው አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ መጠኑ የታወቀ ቢጫ ውህድ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ጨምሮ መለካት ያስፈልጋል። ንባቡ ልክ ከሆነ መለኪያው ከጥርጣሬ ነጻ ነው።

እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ኢንዛይሙ የቀጠነበትን በፈር ነው። ፎስፌት ካለበት፣ ፎስፌቱ የኢንዛይሙን የሥራ ቦታ ይሻማል። ሽሚያ መሆኑ የሚታወቀው የሚሰነጠቀው ውህድ ሲጨመር ፍጥነቱ ወደሚጠበቀው ከተጠጋ ነው። ካልተጠጋ ግን፣ በፈሩ ውስጥ ኤዲቲኤ ኖሮ ኢንዛይሙ ያለ እሱ የማይሠራበትን ዚንክ ነጥቆት፣ ወይም ኢንዛይሙ ራሱ በአያያዝ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ዚንክ ሲመለስለት ካገገመ ጥፋቱ የኤዲቲኤ ነው። ሪፖርቱ የትኛው ፍተሻ እንደተሠራና የትኛው እንዳልተሠራ ለይቶ ይጻፍ።