በስሕተት የጠፋ ፎቶ የሚመለሰው መቼ ነው?

የሰርግ ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ ካርድ ተምታቶበት ወደ ኮምፒውተር ያልገለበጣቸውን ፎቶዎች አጠፋ እንበል። ካሜራው ካርዱን ባዶ ነው ይላል፤ ፎቶዎቹ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። ካርዱ የየፋይሉን ስምና ቦታ የሚመዘግብበት ማውጫ አለው። ፎቶ ሲጠፋ ካሜራው መዝገቡ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ያደርግና ቦታውን ለሌላ ፋይል ክፍት ይተወዋል። ምስሉ የሚጠፋው አዲስ ፋይል ሲጻፍበት ነው።

ስለዚህ በዚያ ካርድ አንድም ፎቶ መጨመር የለበትም። ካርዱን አውጥቶ በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ LOCK ወደሚለው ማንሸራተት ይገባል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ኮምፒውተሩ ካርዱን ፎርማት ላድርገው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አይሆንም» ነው።

ቀጥሎ PhotoRec የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ መክፈት ይቻላል። ይህ ፕሮግራም ማውጫውን ትቶ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ የፎቶ ፋይል መነሻ የሆኑትን ምልክቶች ይፈልጋል። ያገኘውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲጠይቅ የኮምፒውተሩን ዲስክ መምረጥ ግድ ነው። እዚያው ካርድ ላይ ቢያስቀምጥ፣ የተገኘው ፎቶ ገና ያልተገኘውን ይደመስሰዋል። የቀድሞዎቹ የፋይል ስሞች አይመለሱም፤ ፎቶዎቹ በቁጥር ተሰይመው ይወጣሉ።

የወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ላይኛው ግማሽ ደህና ሆኖ ታችኛው ግራጫ የሆነ ፎቶ፣ ከፊሉ በሌላ ፋይል ተይዟል ማለት ነው። ቪዲዮ ደግሞ ትልቅ በመሆኑ ካርዱ ላይ ተቆራርጦ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ቁርጥራጮቹን በቅደም ተከተል መገጣጠም ስለሚከብድ የመመለስ ዕድሉ ከፎቶ ያነሰ ነው።

ፋይሉ የጠፋው ከላፕቶፕ ከሆነ መጀመሪያ Recycle Bin ውስጥ ይፈለግ። ከፍላሽ የጠፋ ፋይል ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ አይገባም። ከዚያም ከወጣ፣ በአሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ተስፋ አለ። በኤስኤስዲ ላይ ግን ሲስተሙ የተለቀቀውን ቦታ ለዲስኩ ወዲያው ስለሚያሳውቅና ዲስኩ ራሱ ስለሚያጸዳው ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ላፕቶፑ ላይ የማገገሚያ ፕሮግራም አውርዶ መጫንም የሚፈለገውን ፋይል ሊደመስስ ይችላል፤ ፕሮግራሙን በሌላ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ማምጣት ይሻላል።

በስልክ ላይ ያለ ፋይል የተመሰጠረ በመሆኑ፣ «የጠፋ ፎቶ እንመልሳለን» የሚሉ አፖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ትንንሽ የቅድመ እይታ ምስሎችን ነው። አስተማማኙ ቦታ የስልኩ ቅርጫት ነው፦ በአይፎን Recently Deleted ፎቶን እስከ 30 ቀን፣ ጎግል ፎቶስ ደግሞ ባክአፕ የተደረገውን እስከ 60 ቀን ያቆያል። እነዚህ ቀናት ካለፉ የሚቀረው ፎቶው ተልኮላቸው የነበሩትን ሰዎች መጠየቅ ነው።